የጡረታ መዋጮ ከደመወዛችሁ ላይ እንዴት ይቆረጣል? ፔይስሊፓችሁን ራሳችሁ ለማረጋገጥ የሚረዳ መመሪያ

አዲስ ሠራተኛ የመጀመሪያ ደመወዙን በተቀበለ ማግስት ወደ ሰው ሀብት ቢሮዬ ብቅ ይላል። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ይቺ ጡረታ የምትለው ምንድን ናት? ድርጅቱ ይከፍላል የተባለውስ 11 በመቶ የታለ?» ለእያንዳንዱ ሰው በቃል ከማስረዳ አንድ ጊዜ ጽፌ ላስቀምጠው ብዬ ነው። ፔይስሊፓችሁን ይዛችሁ አብራችሁኝ አስሉ።

መመሪያው በግል ድርጅት ለተቀጠረ ሠራተኛ ነው። የሚገዛን ሕግ የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ነው። የመንግሥት ሠራተኞች የራሳቸው አዋጅ አላቸው።

የሚያስፈልጋችሁ

- የቅጥር ውላችሁ ወይም የቅጥር ደብዳቤያችሁ
- የወሩ ፔይስሊፕ
- የቲን ቁጥራችሁ
- ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ ከሠራችሁ የጡረታ መለያ ቁጥራችሁ
- የልደት ማስረጃ፣ ካገባችሁ የጋብቻ ማስረጃ፣ ልጆች ካሏችሁ የልጆቹ የልደት ማስረጃ
- ካልኩሌተር (የስልካችሁ ይበቃል)

1. መሠረታዊ ደመወዛችሁን ለዩ

የቅጥር ውሉን ክፈቱና «መሠረታዊ ደመወዝ» የሚለውን ቁጥር ፈልጉ። ብዙ ሰው ቤዚክ የሚለው እሱን ነው። የቤት አበል፣ የትራንስፖርት አበል፣ የኃላፊነት አበል፣ ትርፍ ሰዓት እና ቦነስ በዚህ ቁጥር ውስጥ አይገቡም።

ይህ እርምጃ ከሁሉም በፊት የመጣው መዋጮው የሚሰላው በዚህ ቁጥር ላይ ብቻ ስለሆነ ነው። በሕጉ ደመወዝ ማለት በመደበኛ የሥራ ሰዓት ለሚሰጥ አገልግሎት የሚከፈል፣ ግብር ያልተቀነሰበት የወር ክፍያ ነው። ስለዚህ አንድ ወር ትርፍ ሰዓት ሠርታችሁ ገንዘቡ ከፍ ቢል የጡረታ መዋጯችሁ ከፍ አይልም። ከፍ ካለ አንድ ነገር ተሳስቷል።

ለምሳሌ የሚሆነንን ሰው እዚህ ላይ እናንሳ። መሠረታዊ ደመወዟ 12,000 ብር ነው። በወር 3,000 ብር የቤት አበል አላት። ጥቅል ክፍያዋ 15,000 ብር ይሆናል። እስከ መጨረሻው በእሷ ቁጥር እንሄዳለን። እናንተ ከጎኑ የራሳችሁን ጻፉ።

2. የእናንተን 7 በመቶ አስሉ

መሠረታዊ ደመወዙን በ0.07 አባዙ። የምሳሌያችን ሠራተኛ፦

12,000 × 0.07 = 840 ብር

ፔይስሊፑ ላይ «የጡረታ መዋጮ» ወይም «ጡረታ 7%» በሚለው ሳጥን ውስጥ መታየት ያለበት ይህ 840 ብር ነው። 1,050 ብር ብታዩ ግን አስሊው 15,000ውን በ7 በመቶ አባዝቷል ማለት ነው፤ አበሉን ጨምሮባችኋል። ልዩነቱ በወር 210 ብር ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ግን በየወሩ ይደጋገማል፤ ወደ ጡረታው የሚላከው መዝገብም ከውላችሁ ጋር አይገናኝም።

በወር አጋማሽ ላይ ከተቀጠራችሁ የመጀመሪያው ወር ቁጥር ከዚህ ያንሳል። እኛ ጋ የመጀመሪያው ወር ደመወዝ በሠራችሁት ቀን ልክ ነው የሚሰላው፤ 7 በመቶውም በዚያ ላይ ነው። 12,000 ብር የሚከፈላት ሠራተኛ የወሩን ግማሽ ብቻ ሠርታ 6,000 ብር ካገኘች መዋጮዋ 420 ብር ይሆናል። በሁለተኛው ወር ወደ 840 ሲወጣ አትደንግጡ፤ ጭማሪ አይደለም።

ጳጉሜንም የሚጠይቁኝ አሉ። ደመወዝ የሚከፈለው በዓመት አሥራ ሁለት ጊዜ ስለሆነ መዋጮውም የሚቆረጠው አሥራ ሁለት ጊዜ ነው። ለጳጉሜን ለብቻ የሚቆረጥ ነገር የለም።

3. የድርጅቱን 11 በመቶ አስሉ

በዚያው መሠረታዊ ደመወዝ ላይ፦

12,000 × 0.11 = 1,320 ብር

ይህ ገንዘብ ከኪሳችሁ አይወጣም። ድርጅቱ ከደመወዛችሁ በላይ ከራሱ አውጥቶ የሚከፍለው ነው። ስለዚህ ምሳሌያችን ሠራተኛ ድርጅቱን በወር የምታስወጣው 15,000 ብር ሳይሆን 16,320 ብር ነው። ሁለቱ ድርሻዎች ተደምረው 2,160 ብር፣ ማለትም የመሠረታዊ ደመወዟ 18 በመቶ፣ በየወሩ በስሟ ገቢ ይደረጋል።

«ታዲያ 11 በመቶው ለምን ፔይስሊፔ ላይ አይታይም?» ትሉኛላችሁ። አንዳንድ ድርጅት ከታች ለማሳወቂያ ያህል ይጽፈዋል፤ አንዳንዱ ጭራሽ አይጽፈውም። ሁለቱም የተለመደ ነው። መታየት የሌለበት ከተቀናሾቹ መሐል ነው። ከተጣራው ደመወዛችሁ ላይ 840 ብቻ ሳይሆን 2,160 ብር የተቀነሰ ከሆነ የአሠሪውን ድርሻ እናንተው ከፍላችኋል ማለት ነው። ይህ በሕጉ የእናንተ ዕዳ አይደለም።

ሥራ ስትደራደሩም ይህችን አስታውሱ። «ደመወዙ የድርጅቱን ጡረታ ጨምሮ ነው» የሚል ቃል ከሰማችሁ ውል ከመፈረማችሁ በፊት መሠረታዊ ደመወዙ ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ።

4. ግብሩን ለዩና የተጣራውን አውጡ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ትንሽ ረጋ ብለን እንየው።

በእኛ አገር የሥራ ግብር የሚሰላው 7 በመቶው ከመቀነሱ በፊት ባለው ገንዘብ ላይ ነው። ጡረታው መጀመሪያ ተቀንሶ ግብሩ በቀሪው ላይ ይሰላል ብላችሁ ካሰባችሁ የምታገኙት ቁጥር ከፔይስሊፑ ጋር አይገጥምም። «ፋይናንስ በላብኝ» ብለው የሚመጡት አብዛኞቹ ሰዎች ስሌታቸው የተሳሳተው በዚህ ቅደም ተከተል ነው።

በምሳሌያችን የቤት አበሉ ግብር የሚከፈልበት ስለሆነ ግብሩ በ15,000 ብር ላይ ይሰላል። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የግብር ሠንጠረዥ እንዲህ ይሄዳል፦

- የመጀመሪያው 2,000 ብር፦ ግብር የለውም
- ቀጣዩ 2,000 ብር በ15 በመቶ፦ 300 ብር
- ቀጣዩ 3,000 ብር በ20 በመቶ፦ 600 ብር
- ቀጣዩ 3,000 ብር በ25 በመቶ፦ 750 ብር
- ቀጣዩ 4,000 ብር በ30 በመቶ፦ 1,200 ብር
- ከ14,000 በላይ ያለው 1,000 ብር በ35 በመቶ፦ 350 ብር

ድምሩ 3,200 ብር ነው። ፋይናንሶች ይህንኑ በአጭሩ ይሠሩታል፦ 15,000 × 0.35 − 2,050 = 3,200። 2,050 በታችኛው እርከን ላይ ያለውን ቅናሽ በአንዴ የሚያወራርድ ቁጥር ነው።

አሁን የተጣራው፦

15,000 − 3,200 − 840 = 10,960 ብር

ባንክ መግባት ያለበት ይህ ነው። የማኅበራዊ ቁጠባ፣ የብድር ወይም የዕድር ተቀናሽ ካላችሁ ከዚህ ላይ ይወርዳል። የድርጅቱ 1,320 ብር በዚህ ስሌት ውስጥ በየትም ቦታ እንዳልገባ ልብ በሉ። ከደመወዝ ጋር ተደምሮ ግብርም አልተቆረጠበትም።

5. ምዝገባችሁን አንድ ጊዜ፣ በትክክል ሙሉ

ስትቀጠሩ የምንሰጣችሁን የጡረታ ምዝገባ ቅጽ ሰዎች በጥድፊያ ይሞሉታል። እባካችሁ አትቸኩሉ። ደመወዝ ላይ የተፈጠረ ስህተት በቀጣዩ ወር ይስተካከላል። እዚህ ላይ የተጻፈ ስህተት ግን ለጡረታ እስክትደርሱ ድረስ ተቀምጦ ሊጠብቃችሁ ይችላል።

ዋናው የልደት ዘመን ነው። ለጡረታ የሚያዘው ዕድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትቀጠሩ ያስመዘገባችሁት ነው። በኋላ ሌላ ማስረጃ አምጥቶ ማስቀየር አይሠራም። የጡረታ መውጫ ዕድሜ ደግሞ 60 ነው።

በብዛት የማየው ስህተት የዘመን አቆጣጠር መቀላቀል ነው። በ1990 ዓ.ም የተወለደ ሰው 60 ዓመት የሚሞላው በ2050 ዓ.ም ነው። ቅጹ ላይ 1990 ብሎ ጽፎ ከጎኑ «እ.ኤ.አ» የሚለው ላይ ምልክት ካደረገ መዝገቡ የሚያነበው እንደ 1982 ዓ.ም አካባቢ ነው። በወረቀት ላይ በ2042 ዓ.ም ጡረታ ይወጣል ማለት ነው፤ ስምንት ዓመት ያህል ቀድሞ። በእነዚያ ዓመታት ደመወዝም የለ፣ የሚቆጠር አገልግሎትም የለ። ስለዚህ ቀኑን ስትጽፉ አቆጣጠሩን ለይታችሁ አመልክቱ፤ ከመታወቂያችሁና ከልደት ማስረጃችሁ ጋርም አስተያዩት።

ስምም እንዲሁ ነው። «ኃይሉ» እና «ሀይሉ»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሃይ» ለእኛ አንድ ናቸው፤ በሁለት ሰነድ ላይ ሲለያዩ ግን አንድ ሰው መሆናችሁን አስረዱ ልትባሉ ትችላላችሁ። መታወቂያው ላይ እንዳለው አድርጋችሁ ጻፉ። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍም ተመሳሳይ ነው።

የቤተሰብ ክፍሉን ባዶ አትተዉ። ሠራተኛው ቢሞት የትዳር ጓደኛና ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች የጡረታ መብት አላቸው። ማስረጃው ፋይል ውስጥ ካለ ቤተሰብ በሐዘን ሰዓት ወረቀት ፍለጋ አይንከራተትም። ስታገቡ፣ ስትወልዱ ወይም ስትፋቱ መጥታችሁ አሳውቁን። እኛ ካልነገራችሁን የምናውቅበት መንገድ የለንም።

ከዚህ በፊት ሌላ ድርጅት ወይም መንግሥት ቤት ሠርታችሁ ከሆነ የድሮውን የጡረታ መለያ ቁጥር አምጡ። አገልግሎት ከቦታ ቦታ ይደመራል፤ በግልና በመንግሥት መካከል ብትዘዋወሩም። አዲስ ቁጥር ካስወጣችሁ ግን ታሪካችሁ ለሁለት ይከፈላል፤ በኋላ ማገናኘቱ ብዙ ያመላልሳል።

6. ገንዘቡ መድረሱን አረጋግጡ

መቆረጡ አንድ ነገር ነው፤ ገቢ መደረጉ ሌላ ነገር ነው። ፔይስሊፑ የሚያሳየው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ድርጅቱ ሁለቱን ድርሻዎች በአንድ ላይ በየወሩ አሳውቆ ገቢ ያደርጋል። ሲያሳውቅ የእያንዳንዱን ሠራተኛ ዝርዝር የያዘ ቅጽ ይሞላል። በቅጹ ላይ የቲን ቁጥር፣ ስም፣ የቅጥር ቀን፣ ደመወዝ፣ የሠራተኛው 7 በመቶ፣ የአሠሪው 11 በመቶ እና ጠቅላላው 18 በመቶ በየዓምዱ አለ። በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ፋይናንስን ወይም እኛን ጠይቃችሁ የራሳችሁን መስመር ተመልከቱ። ሦስት ነገር ታያላችሁ፦ ስማችሁ መኖሩን፣ ደመወዛችሁ የወቅቱ መሆኑን እና የተከፈለበት ደረሰኝ መያያዙን።

የደመወዝ ጭማሪ ያገኛችሁ ጊዜ በተለይ ተመልከቱ። ጭማሪ ወደ ኋላ ተመልሶ ሲታሰብ መዋጮውም አብሮ ይታሰባል። የምሳሌያችን ሠራተኛ ደመወዝ ከመስከረም ጀምሮ 14,000 ሆነ፤ ደብዳቤው ግን የደረሰው ጥቅምት ላይ ነው እንበል። በጥቅምት ከሚከፈላት የመስከረም ልዩነት 2,000 ብር ላይ 140 ብር ከእሷ፣ 220 ብር ከድርጅቱ መታሰብ አለበት። ልዩነቱ ሙሉ 2,000 ብር ሆኖ ጡረታ ሳይቆረጥበት ቢደርሳችሁ ደስ ሊል ይችላል፤ መዝገባችሁ ላይ ግን የመስከረም ደመወዝ አሁንም 12,000 ነው።

ደመወዝ በመዝገብ ላይ ትክክል መሆኑ ለምን እንደሚያስፈልግ የጡረታ አበሉ አሰላል ያሳያችኋል። በዕድሜ ለመውጣት ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሰው አበሉ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። ለ10 ዓመት 30 በመቶ ይታሰባል፤ ከ10 ዓመት በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። አማካዩ 12,000 ብር ሆኖ 20 ዓመት ያገለገለ ሰው 30 ሲደመር 12.5፣ ማለትም 42.5 በመቶ ያገኛል፤ በወር 5,100 ብር። 30 ዓመት ከሆነ 55 በመቶ፤ 6,600 ብር።

ከዚህ ውስጥ ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛ፣ ይህ ባንክ እንዳስቀመጣችሁት ሂሳብ አይደለም። 840 እና 1,320 ብር ተጠራቅመው በስማችሁ የሚቆዩ አይደሉም፤ ወደ ጋራ የጡረታ ፈንድ ይገባሉ፤ እናንተ የምታገኙት በአገልግሎት ዘመንና በደመወዝ የሚሰላ የዕድሜ ልክ አበል ነው። ሁለተኛ፣ ያልተመዘገበ እያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይዞ ይሄዳል።

ተደጋጋሚ ስህተቶች

*«ጡረታ አልፈልግም፣ በእጄ ስጡኝ» ማለት።* መዋጮው ግዴታ ነው። ሠራተኛውና አሠሪው ተስማምተው ሊተዉት አይችሉም። በእጅ ሊሰጣችሁ የሚስማማ አሠሪ የእናንተን 7 በመቶ እየሰጣችሁ የራሱን 11 በመቶ እያተረፈ ነው።

*ከፍ ያለ አበል፣ ዝቅ ያለ መሠረታዊ ደመወዝ መቀበል።* 15,000 ብር በሁለት መንገድ ሊከፋፈል ይችላል። 12,000 እና 3,000 ሲሆን ድርጅቱ ለጡረታችሁ 1,320 ብር ይከፍላል። 6,000 እና 9,000 ሲሆን 660 ብር ብቻ። በኪሳችሁ የሚገባው ገንዘብ በሁለተኛው በ420 ብር ይበልጣል፤ የጡረታ አበላችሁ ግን በ6,000 ብር ላይ ይሰላል። እኔ ብሆን ሁልጊዜ መሠረታዊው ከፍ እንዲል ነው የምጠይቀው።

*ጡረታንና ፕሮቪደንት ፈንድን አንድ አድርጎ ማየት።* ፕሮቪደንት ፈንድ ድርጅቱ የሚያቋቁመው ቁጠባ ነው፤ ስትለቁ በእጃችሁ የሚሰጥ። አንዳንድ ድርጅት ከጡረታው በተጨማሪ አለው። ፔይስሊፓችሁ ላይ ሁለቱም ካሉ ለየብቻ መጻፋቸውን እዩ።

*ያለ ክፍያ ፈቃድ ላይ መዋጮ ይቀጥላል ብሎ ማሰብ።* ደመወዝ በሌለበት ወር የሚቆረጥ የለም፤ ድርጅቱም የሚያዋጣው የለም።

ማስጠንቀቂያ

ሲቆረጥባችሁ የነበረው ገንዘብ ገቢ እንዳልተደረገ ካወቃችሁ ዝም አትበሉ። መጀመሪያ የሚመለከተውን የሰው ሀብት ወይም የፋይናንስ ኃላፊ በጽሑፍ ጠይቁ፤ የጥያቄያችሁን ቅጂ ያዙ። መልስ ካጣችሁ ፔይስሊፖቻችሁንና የቅጥር ውላችሁን ይዛችሁ ወደ ግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ቅርንጫፍ ሂዱ። ለዚህ ነው ፔይስሊፕ አይጣልም የምለው። በስልክ ፎቶ አንስታችሁ በየወሩ በአንድ ፎልደር አስቀምጡ፤ የድርጅቱ ኢሜይል ላይ ብቻ አትተማመኑ፤ የለቀቃችሁ ቀን ይዘጋል።

ስትለቁም ክሊራንስ ከመጨረሳችሁ በፊት የሥራ ልምድ ደብዳቤ ላይ የተቀጠራችሁበትና የለቀቃችሁበት ቀን፣ የመጨረሻ ደመወዛችሁ እና የጡረታ መዋጮ ሲቆረጥላችሁ መቆየቱ እንዲጻፍ ጠይቁ። ቀኖቹን ከቅጥር ውላችሁ ጋር አስተያዩና ልክ ከሆኑ ብቻ ፈርማችሁ ተቀበሉ።